የሆድ ሸንተረር፦ ቅባት፣ ትሬቲኖይን፣ መርፌ ወይስ ሌዘር?

በቅርቡ አንዲት እናት የምሠራበት ፋርማሲ መጣች። የሦስት ወር ልጇን አዝላለች። ሁለት ዕቃ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንዱ ኮኮዋ በተር ነው። ሌላው «ስትሬች ማርክ ያጠፋል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክሬም ነው፤ ዋጋው የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ ነው።

«እህቴ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ።

«ሸንተረርሽ አሁን ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብዬ ጠየቅኳት። ግራ ገባት። የሚገዛውን ዕቃ የሚወስነው ግን ይኼው ጥያቄ ነው።

እስቲ መስኮት አጠገብ ሆናችሁ በቀን ብርሃን ሆዳችሁን እዩት። አዲስ ሸንተረር ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ጠቆር ባለው ቆዳችን ላይ ደግሞ ከዙሪያው የጠቆረ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ጣታችሁን ስታሳልፉበት ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ አንዳንዴም ያሳክካል። ያረጀው ከዙሪያው ቆዳ ይነጣል። ገባ ያለ ነው፣ ላዩም እንደ ተጨማደደ ስስ ወረቀት ይሆናል። በአዲሱ ላይ የሚሠራ መድኃኒት አለ። ባረጀው ላይ ግን ቅባት ምንም አያደርግም ብላችሁ ብትነሱ ይሻላል።

ምክንያቱ ቁስሉ ያለበት ቦታ ነው። ቆዳ ከመጠን በላይ ሲለጠጥ የሚበጠሰው ላይኛው ክፍል አይደለም። ከሥሩ ያለው፣ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው የኮላጅንና የኤላስቲን መረብ ነው። ሸንተረር የዚያ ጠባሳ ነው። የምንቀባው ቅባት ደግሞ በአብዛኛው ላይኛው ሽፋን ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለቱን ዕቃዎች ሳነጻጽርላት ያልኳት ይኼ ነው። ኮኮዋ በተር ቆዳ ያለሰልሳል፣ ማሳከክም ያስታግሳል። ሸንተረርን ስለመከላከሉ ግን ሊባኖስ ውስጥ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የኮኮዋውን ክሬም የተቀቡትና ኮኮዋ የሌለበትን ክሬም የተቀቡት ሴቶች ልዩነት አልታየባቸውም። በወይራ ዘይት ላይ ኢራን ውስጥ የተደረጉ ሙከራዎችም አመርቂ ውጤት አላገኙም። «ያጠፋል» የሚለው ክሬምስ? ጀርባውን አብረን አነበብነው። ግሊሰሪን፣ የሺያ ቅቤና ሽቶ ነው ያለው። ልስላሴ ከፈለገች በትንሽ ዋጋ ቫዝሊን ይበቃታል።

አንድ ነገር ግን ለብቻው ልንገራችሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አነስተኛ የቱርክ ጥናት ነበር። የለውዝ ዘይት ቀብተው ሆዳቸውን በደንብ ያሹ ነፍሰ ጡሮች ዝም ብለው ከተቀቡት ያነሰ ሸንተረር ወጣባቸው። ምናልባት የረዳው ዘይቱ ሳይሆን እሽታው ነው። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ቃል አልገባላችሁም። ማሸት ግን ገንዘብ አያስወጣም፤ እርጉዝ ከሆናችሁ በያዛችሁት ዘይት ቀስ ብላችሁ እሹት።

አዲስ ሸንተረር ላይ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ትሬቲኖይን ነው። የቫይታሚን ኤ ዝርያ ሲሆን በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ክሬም ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 0.1 በመቶ የሆነውን ለ24 ሳምንት በየቀኑ የተቀቡ ሰዎችን ሸንተረር ለካ። ርዝመቱ በአማካይ 14 በመቶ፣ ስፋቱ 8 በመቶ ቀነሰ። ይህ ማለት 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው 8.6 ገደማ ሆነ ማለት ነው። ለውጥ ነው፣ ግን መጥፋት አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጡ መቀባትም ይጠይቃል።

ሲጀመር ቆዳን ያቀላል፣ ይልጣል። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሌሊት እየዘለሉ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ አሳስቶ መቀባት የሚሻለው። ማቃጠሉ ካየለ ለጥቂት ቀን ማቆም ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ከተቆጣ ጥቁር ነጥብ ሊተውበት ስለሚችል «ካቃጠለ ይሠራል ማለት ነው» ብላችሁ አትቀጥሉ። በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይቀባም። ለማርገዝ ያሰበችም አትጀምረው።

ልጅ የያዘችው እናት ሸንተረር ገና ቡናማ ቀይ ነበር፤ ለትሬቲኖይን የሚመች ጊዜ ነው። ግን ታጠባለች። በማጥባት ወቅት ደግሞ አልመክርም፤ ቆዳዋ ላይ የተቀባው ሕፃኑ አፍና ፊት ላይ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱንም ዕቃ ተውናቸው። ለማሳከኩ ትንሽ ቫዝሊን ወሰደች። ጡት ስታስጥል ቀለሙ ያልነጣ ከሆነ ወደ ቆዳ ሐኪም ትሄዳለች። ነጥቶ ከሆነ ክሬም አትገዛም።

ለነጣውና ለገባው የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ማይክሮኒድሊንግና ሌዘር ናቸው። ማይክሮኒድሊንግ ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች እየወጋ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ መቀስቀስ ነው። ብዙውን ጊዜ በወር ልዩነት ከሦስት እስከ ስድስት ጊዜ ይደረጋል። ሌዘሩ በሙቀት ነው የሚሠራው። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ሙቀቱን በብዛት ስለሚስብ ተቃጥሎ የሚጠቁርበት ዕድል ከፍ ይላል። እኔ ብሆን ከመርፌው እጀምር ነበር። ሌዘር ከመረጣችሁ ግን መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩልኝ በሉና ለአንድ ወር ያህል ጠብቃችሁ እዩት። ሙሉ ሆድ በአንድ ቀን ልሥራ የሚላችሁን ባለሙያ እለፉት። ሁለቱም ያቀልላሉ እንጂ ቆዳውን እንደ ድሮው አያደርጉትም።

ዋጋው ርካሽ፣ ጉዳቱ ከሁሉ የሚብስ ነገርም በየሱቁ አለ፤ እሱም ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ነው። ጀርባው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል ካያችሁ መልሱት። እነዚህ ስቴሮይዶች ቆዳውን ያሳሱትና ራሳቸው ሸንተረር ያወጣሉ፤ በተለይ በጭን ውስጥና በብብት። «ጠባሳ ያጠራል» ተብላ ለሆዷ ገዝታ ከስድስት ወር በኋላ ጭኗ ላይ የጣት ስፋት ያለው ሸንተረር ይዛ የመጣች ልጅ አውቃለሁ። ክሬሙን ስታቆም ሸንተረሩ አልጠፋም።

በጉርምስና ድንገት ሲረዝሙ ጀርባ ላይ አግድም የሚወጣው መስመር በጊዜ ስለሚደበዝዝ ለልጆቻችሁ ምንም ባትገዙ ይሻላል። ውፍረት ከመጣና ከሄደ በኋላ ለሚቀረው የቀለሙ ጥያቄ ያው ነው። ሸንተረሩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ሰፍቶ ወይን ጠጅ ከሆነ፣ ፊት አብጦ ክብ ከሆነና ገላ በትንሽ ግጭት ከበለዘ ግን ጉዳዩ የሆርሞን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እርጉዝ ሆናችሁ ሽፍታ ሳይኖር መዳፍና እግር ሥር ሌሊት ሌሊት ካሳከካችሁም ዘይት አትፈልጉ። ያ የጉበት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

የትኛውንም ከመጀመራችሁ በፊት ሸንተረሩ አጠገብ ማስመሪያ አድርጋችሁ በዚያው መስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱት። በ12ኛው ሳምንት በዚያው ቦታና ሰዓት ድገሙት። ሁለቱ ፎቶዎች አንድ ከሆኑ ያንኑ ዕቃ ደግማችሁ አትግዙ።