ሲአርፒ ወይስ ኢኤስአር?

ጅማ፣ ሒርማታ አካባቢ ያሉ ጎረቤቴ የሳንባ ምች ይዟቸው ሰንብቷል። ትኩሳቱ ከለቀቃቸው በኋላ የላብራቶሪ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ በሁለት ቀን ከ160 ወደ 50 ወርዷል። ኢኤስአር የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ ግን 85 ላይ ቆሟል። "የቱን ልመን ልጄ?" አሉኝ።

ሁለቱም የሚለኩት ያንኑ የሰውነት ቁጣ ነው። ጀርም ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክት ይለቃሉ። አንጎል ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። ጉበት ደግሞ አልቡሚን መሥራቱን ቀነስ አድርጎ ሲአርፒና ፋይብሪኖጅን ወደ ማምረት ይዞራል። ሲአርፒ ባክቴሪያ ላይ ተለጥፎ "ይሄን ብሉት" ብሎ የሚጠቁም ነው። ፋይብሪኖጅን ደም ያረጋል፤ ሲበዛ ግን ቀይ ሴሎችን ያጣብቃል፣ እነሱም ቶሎ ይዘቅጣሉ። ኢኤስአር የሚባለው የዚሁ ዝቅጠት ፍጥነት ነው።

ፍጥነት፦ ሲአርፒ በሰዓታት ይወጣል፤ መንስኤው ሲቆም በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ኢኤስአር ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል።

ወጪ፦ ለኢኤስአር ቀጭን ቱቦና አንድ ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ሲአርፒ ሪኤጀንት የሚባል የመመርመሪያ ኬሚካል ይፈልጋል።

ማታለል፦ ኢኤስአር በደም ማነስ፣ በእርግዝናና በዕድሜም ይጨምራል። ሲአርፒን የሚያሳስተው ክፉኛ የተጎዳ ጉበት ነው፤ ኢንፌክሽን እያለም ዝቅ ሊል ይችላል።

ለጎረቤቴ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚናገረው ሲአርፒ ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሉፐስ የተባለው በሽታ ቢጠረጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ኢኤስአር ከፍ ብሎ ሲአርፒ ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል።