ለ12 ፍሬም 800 ዶላር፦ 3080 ወይስ 3090?

«3080 ልግዛ ወይስ ትንሽ ጨምሬ 3090 ላድርገው?» የጓደኞቼ ጥያቄ ሁሌም ይቺ ናት። «ትንሽ ጨምሬ» የምትለዋ ታስቀኛለች። ሁለቱ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ግራፊክስ ካርዶች በ2020 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጡ 3080 ዋጋው 699 ዶላር፣ 3090 ደግሞ 1499 ዶላር ነበር። ጭማሪው 800 ዶላር ነው። በዚህ ጭማሪ ብቻ ሌላ 3080 ተገዝቶ መቶ ዶላር ይተርፋል። ዛሬ ሁለቱም በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ስለሆነ ዋጋቸው ተቀያይሯል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

መልሴን አልደብቅም፤ ለጌም ከሆነ 3080 ግዙ። ይህን የምለው ራሴ 3090 ገዝቼ ስለተቃጠልኩ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ ነው። በ4ኬ ሪዞሉሽን 3090 ከ3080 የሚበልጠው እንደ ጌሙ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው። 12 በመቶ ነው ብለን እናስብ፤ 3080 በሰከንድ መቶ ፍሬም፣ ማለትም መቶ ምስል፣ ሲሰጥ 3090 112 ይሰጣል ማለት ነው። ገዢው 699ን ለ100 ያካፍልና አንድ ፍሬም 7 ዶላር ገደማ ይመጣለታል። 1499ን ለ112 ሲያካፍል ደግሞ ከ13 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። «እጥፍ አይሞላም፣ ጥሩ ዕቃ ደግሞ ውድ ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናና ይከፍላል።

ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን መቶ ፍሬሞች ርካሹም ካርድ ይሰጠው ነበር። 800ው ዶላር የወጣው ለ12ቱ ብቻ ነው። 800 ለ12 ሲካፈል 66 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። ሌላውን ፍሬም በ7 ዶላር የገዛ ሰው እነዚህን እያንዳንዳቸውን በ67 ዶላር ገዛ ማለት ነው። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ልዩነት ለፍሬሞቹ ልዩነት ማካፈል እንጂ፣ ጠቅላላውን ለጠቅላላው ማካፈል ገዢን ያታልላል።

የእኔ ወሰን እጥፍ ነው። አንድ ፍሬም በርካሹ ካርድ 7 ዶላር ከወጣበት፣ ለተጨማሪዋ ከ14 ዶላር በላይ አልከፍልም። 12 ፍሬም በ14 ዶላር ሲባዛ 168 ዶላር ነው። ያገለገለ ስትገዙም የዕለቱን ዋጋ አስገብታችሁ እንዲሁ አስሉት፤ ልዩነቱ ከወሰናችሁ ካለፈ ካርዱ የቱንም ያህል ቢያምር እለፉት።

ደግሞ እነዚያ 12 ፍሬሞች ጭራሽ ላይመጡ ይችላሉ። ሞኒተራችሁ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚያድስ ከሆነ ከ60 በላይ ያለው ፍሬም ለዓይን ብዙም አይጠቅምም። ከ60 ወደ 67 ማለፍም ቢሆን አንዱን ፍሬም ከ16.7 ሚሊሰከንድ ወደ 14.9 ማውረድ ነው፤ ሁለት ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ፕሮሰሰሩም አለ። ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ባላችሁ ካርድ የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱ፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትታችሁ ሪዞሉሽኑን ብቻ በጣም አውርዱና ፍሬሙን እዩ። 140 ላይ ደርሶ ከዚያ በላይ አልሄድም ካለ፣ ያ የፕሮሰሰራችሁ ጣሪያ ነው። የዓለምን ውድ ካርድ ብትሰኩበትም በዚያ ጌም ከ140 ብዙም አያልፍም። 3080 ያንን ጣሪያ የሚነካ ከሆነ ለ3090 የምትጨምሩት ገንዘብ ዜሮ ፍሬም ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። ያገለገለውን 3090 ሳመጣው የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ልዩ ነበሩ። ከዚያ ፍሬሙ እየወረደ ሄዶ ጓደኛዬ ከያዘው 3080 በታች ሆነ። ዋናው ቺፕ 68 ዲግሪ ላይ ስለነበር ችግሩ ከየት እንደመጣ ግራ ገባኝ። ሙቀት የሚያሳየውን HWiNFO የተባለ ፕሮግራም ስከፍት `GPU Memory Junction Temperature` የሚለው መስመር 110 ይላል። የሜሞሪው ሙቀት እዚያ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የ3090 24 ጊጋባይት በ24 ቺፖች የተከፋፈለ ነው፤ 12ቱ ከቦርዱ ጀርባ ናቸው፣ ፋን የማያገኛቸው በኩል። ባለ 10 ጊጋው 3080 ግን አሥሩም የሜሞሪ ቺፖቹ ዋናው ማቀዝቀዣ ባለበት ወገን ናቸው።

ከፈታሁት በኋላ የቀድሞው ባለቤት ከሜሞሪው ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፉትን ቴርማል ፓዶች ቀዳድዶ እንደነገሩ መልሷቸው አገኘሁ። ዘይታቸው ወጥቶ ቦርዱን አርሶታል። «ወፍራም ይሻላል» ብዬ ወፍራም ፓድ ገዝቼ ቀየርኩ። ሜሞሪው ቀዘቀዘልኝ፤ ዋናው ቺፕ ግን ከ68 ወደ 88 ዘለለ! ፓዱ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ስለያዘው ቺፑ ላይ በደንብ አላረፈም ነበር። ውፍረቱ እንደ ካርዱ ሞዴል ስለሚለያይ ለራሳችሁ ሞዴል የተሠራውን ልክ አረጋግጡ። ብሎኑን አጥብቃችሁ መልሳችሁ ፍቱት፤ ዋናው ቺፕ ላይ የሚቀባው ፔስት ቺፑን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነ ፓዱ ወፍሯል ማለት ነው። በሦስተኛው ሙከራ ተሳካልኝ። ሁለት ዙር ፓድ፣ አንድ ፔስትና ሁለት ቅዳሜ ወጥቶበታል፤ ያ ሁሉ የ12ቱ ፍሬሞች ዋጋ ላይ ይደመር።

3090ን የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ የ3080 10 ጊጋባይት ሜሞሪ ለማይበቃው። የ3ዲ ምስል የሚሠራና ሥራው 10 ጊጋው ውስጥ የማይገባለት ሰው የሚገዛው ቦታ እንጂ ፍሬም አይደለም፤ የእኔ ማካፈል ለእሱ አይሠራም። ጌም ላይም የሜሞሪ ማነስ ይታወቃል፦ አማካዩ ፍሬም ደህና ሆኖ ሳለ ጥግ ስትዞሩ ጌሙ ይደናቀፋል። የቴክስቸሩን ጥራት ብቻ አንድ ደረጃ አውርዱት፤ መደናቀፉ ከጠፋ ያነሳችሁ ሜሞሪ ነው። እሱንም ቢሆን በ2022 የወጣው ባለ 12 ጊጋው 3080 ለብዙ ጌም ይፈታዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ አምራቾች ለሁለቱም ካርዶች አንድ ዓይነት ሽፋን ስለሚጠቀሙ በመልክ አትመኑ። ሳትከፍሉ በፊት ካርዱ ተሰክቶ የካርዱን ማንነት የሚያሳየው GPU-Z የተባለ ፕሮግራም ይከፈትላችሁ። `Shaders` የሚለው ቦታ ለ3090 10496፣ ለባለ 10 ጊጋው 3080 8704 ማለት አለበት። ስሙ ፊት `[FAKE]` የሚል ካያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከዚያ ጌም አስከፍቱና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሙቀቱን እያያችሁ ቆዩ። የእኔ ሻጭ «አስር ደቂቃ በቂ ነው፣ እቸኩላለሁ» ብሎኝ ነበር።