ሬሾ ወይስ ትሬንድ? በኦዲት እቅድና በመጨረሻው ግምገማ ለየትኛው ቅድሚያ እንስጥ

ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ትሪያል ባላንስ ነው። ሬሾ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝምድናቸውን ይጠይቃል። ሽያጩ ይህን ያህል ከሆነ ተሰብሳቢው ስንት መሆን ነበረበት? ትሬንድ ደግሞ አንዱን ቁጥር ይዞ በጊዜ ውስጥ ይከተለዋል። ካለፈው ዓመት ወይም ካለፈው ወር ምን ያህል ፈቀቅ አለ?

ዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርዶች ትንተናን ሁለት ቦታ ላይ ግዴታ ያደርጋሉ። በእቅድ ጊዜ ስጋቱ የት እንዳለ ለመለየት (ስታንዳርድ 315)፣ በኦዲቱ ማብቂያ ደግሞ የሂሳብ መግለጫው ኦዲተሩ ስለ ድርጅቱ ካወቀው ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማየት (ስታንዳርድ 520)። ሬሾ ተጠቀሙ ወይም ትሬንድ ተጠቀሙ ብሎ የሚያዝ ግን የለም። ምርጫው የኦዲተሩ ነው።

የኔን ምርጫ ልንገራችሁ፦ በእቅድ ጊዜ ወርሃዊ ትሬንድ ይቅደም፣ በመጨረሻው ግምገማ ሬሾ ይቅደም። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው።

ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት አለ እንበል። ባለፈው ዓመት 40 ሚሊዮን ሸጧል። የተሸጡት ዕቃዎች ወጪ 30 ሚሊዮን ስለሆነ ጥቅል ትርፉ 25 በመቶ ነው። ዘንድሮ እቅድ የምናወጣው 9 ወር እንዳለፈ ነው። እስካሁን 32.4 ሚሊዮን ተሸጧል። አምና በዚሁ ጊዜ 30 ሚሊዮን ነበር፣ ስለዚህ ዕድገቱ 8 በመቶ ነው። በየወሩ ሲታይ ሽያጩ 3.6 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ሰላም ነው።

አሁን ሬሾውን እናውጣ። ተሰብሳቢው 5.6 ሚሊዮን ነው። ብዙ ጀማሪ ኦዲተር የአምናውን ኤክሴል ይገለብጥና ተሰብሳቢውን ለ9 ወሩ ሽያጭ አካፍሎ በ365 ያባዛል። የመሰብሰቢያ ቀኑ 63 ይወጣል። አምና 46 ቀን ነበር። ወዲያው «ደንበኞች መክፈል አቁመዋል» የሚል ስጋት በእቅዱ ላይ ይሰፍራል። ስህተቱ ግን የቀኑ ነው። የ9 ወር ሽያጭ ከሆነ የሚባዛው በ273 ቀን ነው፣ ያኔ 47 ቀን ይመጣል። ምንም ችግር የለም ማለት ነው።

በእቅድ ጊዜ ሬሾን በጥንቃቄ የማየው ለዚህ ነው። ቀኑ ቢስተካከል እንኳ ሌላ ጣጣ አለው። የዕርጅና ተቀናሽ ገና አልተመዘገበም፣ የዕቃ ቆጠራ አልተካሄደም፣ ያልተከፈሉ ወጪዎች አልተያዙም። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ጎዶሎ ከሆነ ዝምድናቸው ምን ሊነግረን ይችላል? ወርሃዊ ትሬንድ ግን ያለፉት ወራት ምን እንደሚመስሉ ያሳያል። የትኛው ወር እንደሚጨምርና የትኛው እንደሚቀዘቅዝ እናውቃለን። ይህ ኋላ ላይ ወርቅ ይሆናል።

ዓመቱ አለቀና ረቂቅ መግለጫው መጣ።

| | አምና | 9 ወር | ዓመቱ ሲያልቅ |
|---|---|---|---|
| ሽያጭ (ሚሊዮን) | 40 | 32.4 | 45.6 |
| የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ (ሚሊዮን) | 30 | 24.3 | 32.4 |
| ጥቅል ትርፍ | 25% | 25% | 28.9% |
| ተሰብሳቢ (ሚሊዮን) | 5 | 5.6 | 8 |
| የመሰብሰቢያ ቀን | 46 | 47 | 64 |

የዓመት ትሬንዱን ብቻ ያየ ሰው «ሽያጭ 14 በመቶ አደገ፣ ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። ሬሾው ግን ሁለት ቦታ ላይ ይጮኻል። ትርፉ በመቶኛ ጨምሯል፣ ገንዘቡ ግን እየዘገየ ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ጆሮ ማቆም ያስፈልጋል።

ሬሾ የሆነ ነገር እንደተዛነፈ ይናገራል፣ የት እንደሆነ ግን አይነግረንም። እዚህ ላይ ወርሃዊው ትሬንድ ይመለሳል። 11 ወር ሙሉ ሽያጩ በየወሩ 3.6 ሚሊዮን ነው፣ ወጪውም 2.7 ሚሊዮን። በ12ኛው ወር ወጪው ያው 2.7 ሚሊዮን ሆኖ ሽያጩ ወደ 6 ሚሊዮን ዘሏል።

የፋይናንስ ኃላፊው ሲጠየቅ «በዓመቱ መጨረሻ ዋጋ ጨምረናል» አለ እንበል። ብዙ ፋይል እዚህ ላይ ይዘጋል፤ መልሱ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ አለቀ። ነገር ግን መልሱን በራሱ ቁጥር መፈተን ይቻላል። ወጪው ካልተለወጠ የወጣው ዕቃ መጠን አልጨመረም። ያን ያህል ዕቃ በ3.6 ፋንታ በ6 ሚሊዮን ለመሸጥ ዋጋው 67 በመቶ መጨመር አለበት። ደንበኛ በአንድ ወር ውስጥ ይህን ዝም ብሎ ይቀበላል? የዋጋ ዝርዝሩ ይምጣ።

ዝርዝሩ ጭማሪ ካላሳየ ወደ ሰነድ ነው። የመጨረሻዎቹን ቀናት የሽያጭ ደረሰኞች ከዕቃ ማስረከቢያ ሰነዶች ጋር ማመሳከር፣ ቀጥሎ ባለው ወር የተሰረዙ ወይም የተመለሱ ሽያጮችንም ማየት። በምሳሌያችን 2.4 ሚሊዮን የሚያወጡ ደረሰኞች የተቆረጡት በ12ኛው ወር ሲሆን ዕቃው የወጣው በአዲሱ ዓመት ነው። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ስለነበር ከቆጠራው ገብቷል፣ ወጪውም ያልጨመረው ለዚህ ነው። ሽያጩና ተሰብሳቢው በ2.4 ሚሊዮን ሲቀነሱ ሽያጭ 43.2 ይሆናል፣ ትርፉ ወደ 25 በመቶ፣ የመሰብሰቢያ ቀኑም ወደ 47 ይመለሳል። ማስተካከያ ከተሠራ በኋላ ሬሾውን እንደገና ማስላት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ያልተገኘ ነገር አለ።

ሬሾም ቢሆን ይሸወዳል። ያው ድርጅት ትንሽ ብልጥ ቢሆንና ከ2.4 ሚሊዮኑ ጋር 1.8 ሚሊዮን ወጪ አብሮ ቢመዘግብ፣ ጥቅል ትርፉ ዓመቱን ሙሉ 25 በመቶ ላይ ቁጭ ይላል። ያኔ የትርፍ ሬሾው ጸጥ ይላል፣ የሚናገሩት የመሰብሰቢያ ቀኑና የ12ኛው ወር ዝላይ ናቸው። ስለዚህ በትርፍ ሬሾ ብቻ የሚረካ ግምገማ አይበቃኝም።

ትሬንድ ደግሞ በተቃራኒው ይሸወዳል። «ከ10 በመቶ በላይ የተለወጠውን ብቻ አብራራ» የሚለው ልማድ ያልተለወጠውን ያሳልፋል። ሽያጭ 8 በመቶ አድጎ በመቶኛ የሚታሰበው የሻጮች ኮሚሽን ግን አምና የነበረበት ቢቀር፣ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። ጥያቄው ያለው እዚያ ነው፤ ያልተያዘ ወጪ ሊሆን ይችላል። ማወዳደር ያለብን ከአምናው ቁጥር ጋር ሳይሆን፣ ሂሳቡን ከመክፈታችን በፊት ከጠበቅነው ቁጥር ጋር ነው። ግምቱን ውጤቱን ካየን በኋላ የምንጽፈው ከሆነ ሁሌም ይገጥማል፣ አይ መግጠም!

ድርጅቱ አዲስ ከሆነና የሚወዳደርበት ዓመት ከሌለው ትሬንድ ብዙ አይረዳም፤ ከራሱ በጀትና ከመሰል ድርጅቶች ጋር የሚወዳደር ሬሾ ይሻላል። ወቅት እየጠበቀ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ወርን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ማወዳደር እንጂ ከቀደመው ወር ጋር አይደለም። ሁለት ሦስት የተለያየ ሥራ አጣምሮ የያዘ ድርጅት ላይ ግን በጥቅሉ የወጣ ሬሾም ትሬንድም አይታመንም። የአንዱ ሥራ ትርፍ ወርዶ የሌላው ሲወጣ ድምሩ ምንም እንዳልሆነ ያስመስላል። መጀመሪያ በየሥራው ዘርፍ የተከፋፈለውን ሽያጭና ወጪ ጠይቁ፣ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይምጣ።