ጦስኝ ወይስ ደረቅ ዝንጅብል? የውኃ ሙቀትና የመዘፍዘፊያ ጊዜ የሻዩን ጥንካሬ የሚለውጡት እንዴት ነው?

የጦስኝ ቅጠልና በስሱ ተቆርጦ የደረቀ ዝንጅብል በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ፣ ብዙ ገዢዎች ሁለቱንም በአንድ መንገድ ያፈሏቸዋል። ውጤቱም አንደኛው መራራ፣ ሌላኛው ደግሞ ውኃ ውኃ የሚል ሻይ ይሆናል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሻጩ ሳይሆን የአፈላሉ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ልናስብበት የሚገባው ሻዩን የምናፈላው በምን እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንዳለን ነው።

ጦስኝ መዓዛውን የሚሰጠው ዘይት የሚገኘው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ቅጠሉ ስስ በመሆኑ ትኩስ ውኃ ሲያገኘው ዘይቱ ወዲያው ይለቀቃል፤ ነገር ግን በቀላሉ ከእንፋሎት ጋር ይበናል። ጦስኝ ሲንተከተክ ቤቱን የሚያውደው ሽታ ከድስቱ የወጣና ወደ ኩባያው የማይመለስ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል በአንድ ትልቅ ኩባያ ውስጥ አድርጋችሁ፣ የፈላ ውኃ ጨምራችሁና ከድናችሁ በየጊዜው ብትቀምሱት ልዩነቱ ግልጽ ይሆንላችኋል። በሁለተኛው ደቂቃ ሽታው አለ፣ ጣዕሙ ግን ገና ስስ ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለቱም ይሟላሉ። ሩብ ሰዓት ሲሞላ መልኩ ይጠቁራል፣ ምሬቱም መዓዛውን ይሸፍነውና አፍን ማድረቅ ይጀምራል። ጊዜውን ማስረዘም የሚያክለው ምሬትን ስለሆነ፣ ጠንከር ያለ ሻይ የሚፈልግ ሰው ደቂቃውን ሳይሆን ቅጠሉን ይጨምር። ጦስኝን ከነቅጠሉ ፔርሙስ ውስጥ ማሳደርም በዚሁ ምክንያት አይመከርም።

ዝንጅብል በትክክለኛው አነጋገር ሥር ሳይሆን ከመሬት በታች የሚያድግ ግንድ ነው፤ በአፈላል ረገድ ግን የሚመደበው ከሥሮች ጋር ነው። የሚፋጀው ንጥረ ነገር ጥቅጥቅ ባለውና ስታርች በበዛበት ሥጋው ውስጥ ስለተያዘ፣ ውኃው መጀመሪያ እስከ መሐሉ ዘልቆ ሊያርሰው ይገባል። ደረቅ ቁራጮችን በኩባያ ፈልቶ በወረደ ውኃ ለአምስት ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ አንዱን ለሁለት ብትሰብሩት፣ ወፈር ካለ መሐሉ ገና ደረቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለው ሻይ ዝንጅብል ዝንጅብል ቢሸትም ጉሮሮ ላይ አይሰማም። ተከድኖ በመለስተኛ እሳት ለሃያ ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ ግን ቁራጩ ይለሰልሳል፣ ሻዩም ይፋጃል። ደረቅ ዝንጅብል ከእርጥቡ ይልቅ የሚያቃጥለው ውኃው ስለተመጠጠ ብቻ ሳይሆን፣ በማድረቅና በማሞቅ ጊዜ የሚፋጀው ንጥረ ነገር በከፊል ይበልጥ ወደሚያቃጥል ዓይነት ስለሚለወጥ ጭምር ነው። ደግሞም ቁራጮቹን ለሁለተኛ ጊዜ ማፍላት ይቻላል፤ ቀለል ቢልም የሚጠጣ ሻይ ይወጣዋል። አንዴ የተዘፈዘፈ ጦስኝ ግን ለሁለተኛ ዙር የሚተርፈው መዓዛ ጥቂት ነው፤ ዋጋ ስታነጻጽሩ ይህንንም አስቡበት።

ከፍታም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ይህ ለጦስኝ የሚበቃ ሙቀት ነው። ዝንጅብልን ግን ያዘገየዋል፤ እሳቱን ማብዛትም ውኃውን ያተናል እንጂ ሙቀቱን ከዚያ በላይ አያሳድገውም። ውኃ 100 ዲግሪ ገደማ በሚፈላባቸው እንደ ዱባይና ጅዳ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖር ሰው ዝንጅብሉን ከአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ጀምሮ እየቀመሰ ማውረድ፣ ጦስኙንም ትንሽ ቀደም አድርጎ ማጥለል ይችላል።

እንግዲህ በቢሮ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ብቻ ላለው ሰው የምመርጥለት ጦስኝን ነው። ሲገዛም የተፈጨውን ትቶ ቅጠሉ ያልደቀቀውን ይውሰድ፤ በጣት ሲታሽ ወዲያው የማይሸት ከሆነ ዘይቱ አስቀድሞ በንኗልና መዘፍዘፍ አይመልሰውም። በዚያው ማንቆርቆሪያ ዝንጅብል መጠጣት የግድ ካማረው ዱቄቱን ይግዛ፤ ደቃቅ ስለሆነ በአምስት ደቂቃ ይወጣል፣ ነገር ግን ሻዩ ይደፈርሳል፣ ከታችም ይዘቅጣል። ምድጃና ግማሽ ሰዓት ላለው ሰው ግን ደረቁ ቁራጭ ይሻላል፤ ጥርት ያለ ሻይ ይሰጣል፣ ከዱቄቱም የተሻለ ሽታውን ይዞ ይቆያል።

ሁለቱን ቀላቅሎ ለመጠጣት ሦስት ኩባያ ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዝንጅብል ቁራጭ ጨምሩና ከድናችሁ ለሃያ ደቂቃ አንተክትኩ። እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ አራት የሻይ ማንኪያ ጦስኝ ጨምሩበት፤ መልሳችሁ ከድናችሁ ለአምስት ደቂቃ ተዉትና ወዲያውኑ አጥልሉት።