አርጎ ሮልአውትስ ወይስ ፍላገር? ትራፊኩ ትንሽ ለሆነ ቲም

ሀዋሳ ውስጥ ለሆቴሎች የአልጋ ቡኪንግ ሲስተም የሚሠራ ትንሽ ቲም አለ እንበል። አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ለሁሉም በአንዴ አይለቀውም። መጀመሪያ ለጥቂቱ ይለቃል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ደህና ከሆነ ይቀጥላል፣ ካልሆነ ይመልሳል። ካናሪ ሪሊዝ ማለት ይሄው ነው። ኩበርኔትስ ላይ ይሄን ሥራ በራሳቸው የሚሠሩ ሁለት የታወቁ ቱሎች አርጎ ሮልአውትስና ፍላገር ናቸው። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ሜትሪክ የሚሰበስበውን ፕሮሚቴየስን ጠይቀው ይወስናሉ። እኔ ግን ትራፊካችሁ ትንሽ ከሆነ አርጎን ያዙ ነው የምለው።

ሂሳቡን እንየው። ሲስተሙ ቀን ላይ በደቂቃ 40 ሪክዌስት ያስተናግዳል። 5 በመቶው ወደ አዲሱ ቨርዥን ከሄደ በደቂቃ 2 ሪክዌስት ብቻ ደረሰው ማለት ነው። ፍላገር ሰነዱ ላይ በየደቂቃው ለኩ፣ ስኬቱ ከ99 በመቶ አይውረድ የሚሉ ምሳሌዎች አሉት፣ ብዙ ሰው ደግሞ እሱኑ ኮፒ አድርጎ ነው የሚጀምረው። ከ2ቱ አንዱ ከወደቀ ስኬቱ 50 በመቶ ሆነ። ጥፋቱ የአዲሱ ኮድ ይሁን ወይስ ዳታቤዙ ለአፍታ ተጨናንቆ፣ ከ2 ሪክዌስት ማንም ሊለይ አይችልም።

ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አልጋ የሚፈልግ ሰው የለም። ፍላገር ቁጥር ካላገኘ ያንን እንደ ወደቀ ምርመራ ይቆጥረዋል፣ እናንተ የሰጣችሁት ገደብ ሲሞላ ምንም ችግር የሌለበትን ቨርዥን ይመልሰዋል። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው ሰው ሠራሽ ሪክዌስት የሚልክ ሎድ ቴስተር ማስገባት ነው። ይሄ አይዋጥልኝም። መነሻ ገጹን ብቻ ደጋግሞ የሚጠራ ከሆነ ሁሌም ይሳካለታል፣ እውነተኛው እንግዳ ክፍያ ላይ የገጠመው ስህተት በዚያ ሁሉ ስኬት መሀል ይሰወራል።

አርጎ እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው። ሁለት ገደብ መስጠት ይቻላል፦

```yaml
initialDelay: 15m
successCondition: result[0] >= 0.99
failureCondition: result[0] < 0.97
```

ከ99 በመቶ በላይ ከሆነ ይቀጥላል፣ ከ97 በታች ከሆነ ይመልሳል፣ መሀል ላይ ከወደቀ ግን አልወሰንኩም ብሎ ይቆምና ሰው ይጠብቃል። ፕሮሚቴየስ ዜሮን ለዜሮ አካፍሎ `NaN` ቢመልስም ሁለቱም ገደቦች ስለማይሟሉ እንዲሁ ይቆማል። ጠዋት ቢሮ ስትገቡ አይታችሁ በ`promote` ታሳልፉታላችሁ ወይም በ`abort` ትመልሱታላችሁ። መዘግየቱን የጻፍኩት በምክንያት ነው፤ ፖዱ ገና ሜትሪክ ሳይሰጥ ከተጠየቀ መልሱ ባዶ ስለሚሆን `result[0]` ራሱ ስህተት ይሆናል።

አሁን በእነዚህ ገደቦች እንሞክረው። ከ5 ፖድ አንዱ አዲሱ ነው፣ ማለትም 20 በመቶ፣ ስለዚህ በደቂቃ 8 ሪክዌስት ይደርሰዋል። በ15 ደቂቃ 120 ይሆናል። 1 ስህተት ቢኖር 99.2 በመቶ ነው፣ ያልፋል። 2 ወይም 3 ከሆነ ይቆማል። 4 ከሆነ 96.7 ነው፣ ይመለሳል። ይሄ ሰው የሚያምነው ውሳኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አርጎ ትራፊክ የሚያከፋፍል ነገር ባይኖራችሁም በፖድ ብዛት ይከፍላል። 5 ፖድ ይዛችሁ 5 በመቶ ማግኘት አይቻልም፣ ግን ትንሽ ትራፊክ ላለው ሰው 20 በመቶው ነው የሚሻለው። ፍላገር ግን ያለ ሰርቪስ ሜሽ፣ ያለ ኢንግረስ ወይም ያለ ጌትዌይ በመቶኛ አይከፍልም።

ፍላገር ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። እንደ ኢስቲዮ ያለ ሰርቪስ ሜሽ ቀድሞ ካላችሁና በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ሪክዌስት ከመጣላችሁ እሱን ምረጡ። የስኬትና የፍጥነት መለኪያው አብሮት ስለሚመጣ ኩዌሪ ከመጻፍ ትገላገላላችሁ። የነበረውን `Deployment` ፋይልም አይነካባችሁም፤ አርጎ `Rollout` ወደሚባል የራሱ ዓይነት እንድትዞሩ ይፈልጋል። በሪሊዙ ሰዓት ግን ፍላገር የድሮውንም የአዲሱንም ፖዶች ጎን ለጎን ስለሚያስኬድ ለሁለቱም የሚበቃ ሚሞሪ ያስፈልጋል።

ሁለቱም በተለመደው አሠራራቸው የሚከፍሉት ሪክዌስትን እንጂ ሰውን አይደለም። አንድ እንግዳ ክፍሉን በአዲሱ አይቶ በድሮው ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ የዳታቤዝ ለውጣችሁ ከሁለቱም ቨርዥን ጋር መሥራት አለበት።

የትኛውንም ብትመርጡ የሰርቨር ስህተትን ብቻ አትለኩ። የ«ቡክ» ቁልፉ ስልክ ላይ ካልሠራ ሪክዌስቱ ራሱ አይላክም፣ ስህተትም አይመዘገብም፣ ግራፉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ክፍል ካዩት ውስጥ ስንቱ ቡክ አደረገ የሚለውን ከድሮው ቨርዥን ጋር አወዳድሩ። ቡኪንግ ከሪክዌስት በጣም ያነሰ ስለሆነ 15 ደቂቃ አይበቃውም፣ ሙሉ ቀን ስጡት። የገብርኤል በዓል ሲቃረብ ሀዋሳ ያሉ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ቁጥሩም ቶሎ ይጠራቀማል፣ ግን በዚያ ሳምንት የጠፋ ቡኪንግ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ሪሊዙን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ጀምሩት።