ማሽላና ጤፍ፦ ለሴሊያክ ሕመምተኛ የትኛው ይሻላል?

ማሽላም ሆነ ጤፍ በተፈጥሯቸው ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለበትን ሰው የሚጎዳው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የላቸውም፤ ልዩነታቸው የሚታየው እህሉ ከስንዴና ከገብስ ጋር ሲቀላቀል ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ፣ በወሎ ደጋ አውድማ የተቀላቀለበት ገብስ በወንፊት ላይ ሲቀር ጤፉ ወደ ታች ያልፋል። የማሽላ ፍሬ ግን በመጠን ለስንዴ ስለሚቀርብ ወንፊት አይለየውም፤ ክቡን ከሞላላው በዓይን እያዩ መልቀም ግድ ይላል።

ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ግን ጤፉም ብልጫውን ያጣል። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት «ግሉተን አልባ» የሚባለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለው ምግብ ነው። የስንዴ ዱቄት አንድ አሥረኛ ገደማው ግሉተን ስለሆነ፣ ለ10 ኪሎ ጤፍ ወሰኑ 2 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ማለትም ከሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፤ ይህን ያህል ደግሞ በድንጋዮቹ መካከልና በመውረጃው ተጣብቆ ይቀራል፣ በነጭ ጤፍ ዱቄት ውስጥም በዓይን አይለይም።

ስለዚህ ለሕመምተኛው ጤፉን እመርጣለሁ፤ ማሽላው ግን ወፍጮውን ለማጥራት ይጠቅማል። ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ፣ ጠዋት ስንዴ ሳይገባበት፣ የተለቀመ ማሽላ አስቀድሞ ይፈጫል፤ ይህን ዱቄት ሌላው ቤተሰብ ይበላዋል፣ ጤፉም ይከተላል። ይህ ብክለቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ በአየር የሚበንነው የስንዴ ብናኝ ይቀራልና፣ አስተማማኙ ስንዴና ገብስ የማይገባበት ወፍጮ ነው።