የፊት ሾክ ዘይት ሲያልብ፦ ሲሉን ማጽዳት ወይስ መቀየር?

ከደሴ ወደ ገጠር ቀበሌ በኮረኮንች የሚመላለስ ሞተር አንድ ቀን የፊት ሾኩ ዘይት ማላቡ አይቀርም። ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ሲሉ፣ ግን ሁልጊዜ ተበልቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከንፈሩ ሥር አሸዋ ገብቶበት ነው።

ማጽዳት፦ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። የአቧራ መከላከያውን ጎማ በቀስታ ወደ ላይ ያንሱ። ከአሮጌ የራጅ ፊልም ጫፉ እንደ መንጠቆ የሆነ ስስ ቁራጭ ይቁረጡ። በዘንጉና በሲሉ መካከል አስገብተው ዙሪያውን ያዙሩት፤ ጥቁር ጭቃ ይዞ ይወጣል። ዘንጉን ጠርገው ሾኩን ደጋግመው ይጫኑ። ከአንድ ቀን መንዳት በኋላ ዘንጉ ላይ እንደገና የዘይት ቀለበት ካዩ፣ በቃ፣ ማጽዳቱ አልያዘም።

መቀየር፦ ሾኩ መውረድና መፈታት አለበት፤ ሥራው የመካኒክ ነው። የሁለቱንም እግር ሲል አብሮ መቀየር ይሻላል። ዘይቱም በመመሪያው ልክ፣ በሁለቱም እኩል ይሞላ። የሞተር ዘይት ጨምሮ መገላገል የሚወዱ አሉ፤ አይመከርም። ከሁሉ በፊት ዘንጉን በጥፍር ይዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ዝገት ካለ አዲሱም ሲል አይቆይም።

እንግዲህ ላቡ ቀላል፣ ዘንጉም ልስልስ ከሆነ ማጽዳት ይቅደም። ዘይቱ ወደ ፍሬን ከወረደ ግን የሐረጎን ቁልቁለት በዚያ ሞተር መውረድ አይታሰብም፤ ሲሉ ይቀየር፣ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራም አብሮ።